የፕሮፋይል ፎቶአችንን ማን ይምረጥልን?

የምረቃ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየማደሪያ ክፍሉ አንድ ዓይነት ሥራ ይበዛል። ተመራቂው በሞባይል ስልኩ ራሱን ደጋግሞ ያነሣና ከስምንትና ከዘጠኝ ተመሳሳይ ሰልፊዎች መካከል አንዱን ለሙያ ትስስር ገጹ፣ ማለትም ለሊንክድኢን ወይም ለመሰሉ ገጾች፣ ለመምረጥ ይቀመጣል። ሸሚዙ ያው ነው፤ ግድግዳው ያው ነው፤ ፊቱም ያው ነው። ይሁን እንጂ ምርጫው አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ይሰርዛል፣ የሰረዘውን መልሶ ያወጣል፤ በመጨረሻም «ይኸኛው እኔን ይመስላል» ብሎ ይወስናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለን አቋም አጭር ነው። ባለቤቱ ሊያነሣው፣ ሊያጣራውና ሊያዘጋጀው ይችላል፤ የመጨረሻውን ምርጫ ግን እሱ መምረጥ የለበትም፤ የማያውቀው ሰው ይምረጥለት። ይህን የምንለው ትሕትናን ለመስበክ አይደለም። ስለ ፊት አስተያየት የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉዳዩን በሙከራ ስለፈተሹትና ውጤቱም ብዙዎቻችን ከምንገምተው ተቃራኒ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዴቪድ ኋይት፣ ክሌር ሰዘርላንድና ኤሚ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ 102 ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት አሳተሙ። እያንዳንዱ ተማሪ ከፌስቡክ ገጹ 12 የራሱን ፎቶዎች ያቀርባል። ከዚያም እያንዳንዱ ፎቶ ለወዳጅነት ገጽ፣ ለፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ገጽና ለሙያ ትስስር ገጽ ምን ያህል እንደሚስማማ ይወስናል። ይህን እንደጨረሰ ለማያውቀው ለሌላ ተሳታፊ ፎቶዎች ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል። በሌላ በኩል ሰዎቹን የማያውቁ ዳኞች እያንዳንዱን ፎቶ እያዩ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ምን ያህል ብቁ፣ የሚታመን፣ በራሱ የሚተማመንና ማራኪ ሆኖ እንደታያቸው ነጥብ ሰጡ። እንግዲህ ጥያቄው፣ ከዳኞቹ የተሻለ ነጥብ ያገኙት ባለቤቱ የመረጣቸው ፎቶዎች ናቸው ወይስ የማያውቀው ሰው የመረጠለት የሚል ነው።

ማናችንም ብንሆን ፊታችንን በየቀኑ በመስተዋት ስለምናይና የትኛው ጎናችን እንደሚሻል እናውቃለን ብለን ስለምናስብ ባለቤቱ ይበልጣል ብለን እንጠብቃለን። የተገኘው ግን ሌላ ነው። የማያውቁት ሰዎች የመረጡለት ፎቶዎች ባለቤቱ ከመረጣቸው ይልቅ በዳኞቹ ዘንድ የተሻለ ግምት አስገኙ። ባለቤቱ ጨርሶ አይመርጥም ማለት አይደለም። ለሙያ ገጽ የሚሆነውንና ለሌላው የሚሆነውን በመጠኑ ይለያል። ነገር ግን ያየውን ሰው ሁሉ ዐይን ይዞ የመጣው እንግዳ ከሱ የተሻለ ይለያል።

ይህ ለምን ይሆናል? ለእኛ ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ የታየን ማብራሪያ የሚገኘው ከሌላ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሮብ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ 40 የፊት ፎቶዎችን በካርድ መልክ አዘጋጅተው ለብሪታንያውያን ተሳታፊዎች ሰጡና «የአንድ ሰው ፎቶዎችን በአንድ ክምር አስቀምጡ» አሏቸው። ካርዶቹ የሁለት ሆላንዳውያን ታዋቂ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ የእያንዳንዷ 20። ሴቶቹን የማያውቁት ብሪታንያውያን ግን ካርዶቹን በሁለት ክምር አላስቀመጡም፤ የተለመደው ውጤት 7 ወይም 8 ያህል ክምር ነበር። ማለትም የሁለት ሰዎች ፎቶዎች የሰባት የስምንት ሰዎች መስለው ታዩአቸው። ተመሳሳዩ የካርድ ክምር ሴቶቹን በቴሌቪዥን ለሚያውቁ ሆላንዳውያን ሲሰጥ ሥራው የልጅ ጨዋታ ሆነ፤ ሁለት ክምር ሠርተው ጨረሱ።

ይህን ውጤት ቆም ብለን ብናስተውለው ስለ ሰልፊ ምርጫችን ብዙ ነገር ይነግረናል። የምናውቀውን ፊት ስናይ ዐይናችን በፎቶው ላይ አያርፍም፤ ፎቶውን አልፎ ሰውየውን ያያል። ብርሃኑ ቢለወጥ፣ አገጩ ቢቀና፣ ዐይኑ ቢጠብ «እሱ ነው» እንላለን፤ ልዩነቱም ይጠፋብናል። የማያውቀን ሰው ግን አልፎ የሚያየው ሰው የለውም። እሱ ያለው ፎቶው ብቻ ነው፤ በፎቶው ላይ ያለችው ጥቂት ጥላ ለእሱ የእኛ ጠባይ ናት። በዓለም ላይ ደግሞ ፊታችንን ከእኛ በላይ የለመደው የለም። ስለዚህ ዘጠኙን ሰልፊ ደርድረን ስናይ፣ እንግዳ ዘጠኝ የተለያዩ ሰዎችን ሊያይ በሚችልበት ቦታ እኛ የምናየው አንድ ሰው ነው። ምርጫችን በምን ላይ እንደሚያተኩር የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው፤ እንግዳው ልብ በማይላት የቅንድብ ፀጉር ወይም የልጅነት ጠባሳ ላይ ጊዜአችንን እናጠፋለን።

የመስተዋቱም ነገር በዚህ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴዎዶር ሚታ፣ ማርሻል ደርመርና ጄፍሪ ናይት የተባሉ ተመራማሪዎች ለሴት ተማሪዎች የራሳቸውን ፎቶ በሁለት መልክ አሳዩአቸው፤ አንዱ ሰው እንደሚያያቸው፣ ሌላው ግራና ቀኙ ተገልብጦ በመስተዋት እንደሚያዩት ነበር። ባለቤቶቹ ወደ መስተዋቱ መልክ አደሉ፤ የቅርብ ጓደኞቻቸው ግን ወደ ትክክለኛው። ሁለቱም ወገኖች የመረጡት የለመዱትን ነው። የስልካችን የፊት ካሜራ በማንሳት ላይ ሳለን የሚያሳየን የመስተዋቱን መልክ ሲሆን፣ ከተነሣ በኋላ አንዳንዱ ስልክ ገልብጦ ሌላው ሳይገለብጥ ያስቀምጠዋል። «ሳነሳው ጥሩ ነበር፣ ሳየው ተበላሸ» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው። ምንም አልተበላሸም፤ ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚያየውን ፊት ባለቤቱ ማየት ስላልለመደ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መራጩ ነው። በፎቶዎቹ መካከል ያለውስ ልዩነት እውን ይህን ያህል የሚያከራክር ነውን? አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ጄኒ ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ሰው የተለያዩ ፎቶዎች በተመልካች ላይ የሚያሳድሩት ግምት መለያየቱ በተለያዩ ሰዎች ፎቶዎች መካከል ካለው ልዩነት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግምት የሚፈጠርበትም ፍጥነት አስገራሚ ነው። ጃኒን ዊሊስና ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት አንድን ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ያየ ሰው የሚሰጠው አስተያየት ያለ ጊዜ ገደብ ካየው ሰው አስተያየት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ማመልከቻ የሚያገላብጥ ኃላፊ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ለፎቶአችን አይሰጥ ይሆናል፤ ቢሰጥም የመጀመሪያ ግምቱ አስቀድሞ ተይዟል።

በሰልፊዎች መካከል ልዩነት ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱን ብቻ በዝርዝር እንመልከት፤ ርቀትን። ብዙ ሰው በሰልፊ አፍንጫው ሲሰፋ የስልኩን ሌንስ ይወቅሳል። ሌንሱ ግን ከደሙ ንጹሕ ነው ለማለት ይቻላል፤ ጥፋተኛው ክንዳችን ማጠሩ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ከጆሮ መስመር በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቷል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ከጆሮው 42 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በፎቶ ላይ የአንድ ነገር መጠን ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 42 ሲካፈል ለ30፣ ማለትም 1.4 ጊዜ ገዝፎ ይወጣል። ካሜራው 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንስ? 162 ሲካፈል ለ150 ስለሆነ 1.08 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሁለቱን ብናነጻጽር በቅርቡ ፎቶ አፍንጫው በሩቁ ካለው በ30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ይህ በጣት የሚቆጠር ስሌት እ.ኤ.አ. በ2018 የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በሰልፊ ምክንያት አፍንጫቸውን ለማስጠበብ የሚመጡ ሰዎችን ጉዳይ ለማጤን ከሠሩት የተሟላ ስሌት ጋር የሚገጥም ነው፤ እነሱም ለ30 ሴንቲ ሜትርና ለ1.5 ሜትር ያገኙት 30 በመቶ ያህል ነው።

ጉዳዩ በአፍንጫ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሮኒ ብራያን፣ ፒየትሮ ፔሮናና ራልፍ አዶልፍስ ያንኑ ሰው ከ45 እና ከ135 ሴንቲ ሜትር አንሥተው ለተመልካቾች ሲያሳዩ ከቅርብ የተነሣው ፎቶ ስለ ታማኝነትም ስለ ብቃትም ዝቅ ያለ ነጥብ አግኝቷል። ተመልካቾቹ ርቀቱን ልብ አላሉትም፤ ፊቱን ግን ፈርደውበታል። ስለዚህ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ወይም በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ በሰዓት ቆጣሪው እየተጠቀሙ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ መቆምና በኋላ ፎቶውን ከደረት በላይ ቆርጦ ማስቀረት ከዘጠኝ የክንድ ርቀት ሰልፊዎች ይሻላል። መቁረጥ የፊትን መጠን ምጥጥን አይለውጥም፤ የሚለውጠው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ጥራቱ ቀነሰ ብሎ መሥጋትም አያስፈልግም፤ ፎቶው በገጹ ላይ የሚታየው በትንሽ ክብ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ አለች እንበል። በላቦራቶሪ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ትፈልጋለች፤ በመኝታ ክፍሏም መስኮት አጠገብ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 9 ፎቶዎች አንሥታለች። ለእንግዳ ዳኛ ከማቅረቧ በፊት ራሷ የምትሠራው ሥራ አለ፤ እሱም ማንም በማያከራክርበት ጉድለት ማጣራት ነው። አንዱ እጅ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል። በሁለቱ መስኮቱ ከጀርባዋ ስለገባ ፊቷ ጠቁሯል፤ ካሜራው የሥዕሉን ብርሃን በአማካይ ስለሚለካ የመስኮቱ ድምቀት የፊቷን ድርሻ ወሰደባት። የጠይም ሰው ፊት በነጭ ግድግዳ ፊት ሲነሣም ይኸው ይደርሳል፤ መፍትሔው በመስታወቱ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑ ለፊቱ እንዲለካ ማድረግ ነው። ሁለቱ ደግሞ ከቀሩት ጋር ፍጹም አንድ ስለሆኑ ወጡ። 4 ቀሩ። እነዚህን አራት ፎቶዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ማቆም ያለባት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ አራቱንም በክብ ቆርጣ በስልኩ መስታወት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህሉ ድረስ ታሳንሳቸዋለች። ይህ ቀላል እርምጃ በጥቅሙ ከብዙዎቹ ይበልጣል። ዳኞቿ ማየት ያለባቸው አሠሪው የሚያየውን ያህል ነው፤ በሙሉ መስታወት ላይ ያጨቃጨቀ የቅንድብ ልዩነት በዚህ መጠን የለም፤ የብርሃኑ አቅጣጫና የፈገግታው መጠን ግን ጎልቶ ይቀራል።

ዳኞቹ እነማን ይሁኑ? የክፍል ጓደኞቿ እንዳይሆኑ እንመክራለን። ጓደኛ እንደ ባለቤቱ ፊቱን የለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ከሌላ ትምህርት ክፍል፣ ለምሳሌ ከሒሳብ አያያዝ ወይም ከሲቪል ምሕንድስና፣ ፈጽሞ የማያውቋት 12 ሰዎች ትፈልግ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ቡድን ላይ ለጥፎ «የቱ ይሻላል?» ማለት ግን ሙከራውን ያበላሻል። የመጀመሪያው ሰው «ለ» ካለ ሁለተኛው እሱን አይቶ «ለ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ያያል፤ 12 ድምፅ የመሰለው ነገር የአንድ ሰው ድምፅና የ11 ሰዎች ማስተጋባት ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቅ፤ የፎቶዎቹም ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ይቀያየር።

የሚጠየቀውም ጥያቄ መታረም አለበት። «የቱ ያምራል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ስለ ውበት ነው። የ2017ቱ ጥናት ሦስቱን ገጾች የለየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለፍቅር ጓደኛ የሚመረጠውና ለሥራ የሚመረጠው ፎቶ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ላቦራቶሪ ሥራውን በኃላፊነት የሚረከብ ሰው ቢፈልግ፣ ከእነዚህ በየትኛው ፎቶ ላይ ያለችውን ይጠራ ነበር?» የሚል ይሁን። አንድ ሰው አንድ ድምፅ፤ ማብራሪያ አይጠየቅ። ማብራሪያ የተጠየቀ ሰው ለማብራራት የሚቀለውን ይመርጣልና።

እንበልና ውጤቱ ሀ 3፣ ለ 6፣ ሐ 2፣ መ 1 ሆነ። «ለ» ከጠቅላላው ድምፅ ግማሹን አግኝቷል፤ አሸናፊው ተገኘ ለማለት ያጓጓል። የሳይንስ ተማሪ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም፤ አራቱ ፎቶዎች በእውነቱ እኩል ቢሆኑና ዳኞቹ በዕጣ ቢመርጡ ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት ስንት ጊዜ ይመጣ ነበር? ስሌቱ የሁለትዮሽ ዕድል ስርጭት የተማረ ሁሉ የሚሠራው ነው። አንድ የተወሰነ ፎቶ ከ12 ድምፅ 6 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚያገኝበት ዕድል 5.4 በመቶ ነው። ነገር ግን አስቀድመን «ለ»ን አልጠቆምንም፤ ከአራቱ ማንኛውም ቢያገኘው አሸናፊ ልንለው ነበር። ስለዚህ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ወደ 22 በመቶ። በሌላ አባባል አራት ፍጹም እኩል ፎቶዎች ይዘን ይህን ሙከራ አምስት ጊዜ ብናደርግ አንዴ ያህል «ግልጽ አሸናፊ» እናገኛለን ማለት ነው። 7 ድምፅ ቢሆን ኖሮ ወደ 6 በመቶ፣ 8 ድምፅ ቢሆን ኖሮ ወደ 1 በመቶ ይወርድ ነበር። በ8 ድምፅ ልባችን ያርፋል፤ በ6 ግን ገና ነው።

ተመራቂዋ እንግዲህ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ተጨማሪ 12 ሰዎችን ፈልጎ ሀንና ለን ብቻ ማሳየት ነው። ሁለተኛውና እኛ የምናደላበት ግን ነገሩን እዚያው መተው ነው። 12 እንግዶች ተለያይተው ካልለዩአቸው ልዩነታቸው ትንሽ ነው ማለት ነውና «ለ»ን ብትለጥፍ የምታጣው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ውጤት እንደ ውድቀት የሚቆጠር አይደለም። የጠፋችውን አንድ ሰዓት የሚያድን መረጃ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ በትንሽ ቁጥር ይታያል፤ በትንሽ ቁጥር ካልታየ የሚያስጨንቅ አይደለም። የ2017ቱ ጥናት ተሳታፊዎች ያቀረቧቸው 12 ፎቶዎች በልዩ ልዩ ጊዜና ቦታ የተነሡ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው በጣም ይለያዩ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ቦታ ከተነሡ ዘጠኝ ፎቶዎች ያን ያህል ትርፍ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ዳኞቹ እኩል ከሰጡ ወደ ካሜራው ተመልሶ ሌላ ብርሃን፣ ሌላ ርቀት፣ ሌላ ገጽታ መሞከር ከማስቆጠር ይሻላል።

12 ሰው ማግኘት ለከበደው አንድ አቋራጭ አለ፤ መለዋወጥ። ሁለት የማይተዋወቁ ተማሪዎች ስልካቸውን ተቀያይረው አንዱ የሌላውን ይምረጥ። የአንድ ሰው ድምፅ ጥርጣሬው ብዙ ነው፤ ሆኖም በ2017ቱ ጥናት ባለቤቶቹን የበለጡት እንግዶችም ለየአንድ ሰው የተመደቡ ነጠላ መራጮች ነበሩ።

«ይህ ሁሉ ማስመሰል አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይ ደግሞ ከፊት ላይ ብቃትን ማንበብ ይቻላል ብሎ ለሚያምን ኃላፊ የተመራቂዋ ዘጠኝ ፎቶዎች ጥሩ መልስ ናቸው። የኬሚስትሪ ዕውቀቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ በ«ለ» ብቁ፣ በ«መ» ደካማ ሆና ከታየች ቢያንስ ከሁለቱ ግምቶች አንዱ ሐሰት ነው። ቀጣሪ ሆነን ብንጠየቅ ፎቶው ከማመልከቻው ተለይቶ እንዲቀመጥና የመጀመሪያው ማጣሪያ ያለ ፎቶ እንዲካሄድ እንመክራለን። ነገር ግን ገጹን የሚያየው ሰው ግምቱን መውሰዱ ካልቀረ ተመራቂዋ በክንዷ ርዝመት ምክንያት የማትታመን መስላ እንድትታይ የሚያስገድዳት የሥነ ምግባር ሕግ የለም።

ማስመሰል የሚሆነው ቆዳን የሚያለሰልሱና አገጭን የሚያቀጥኑ ማጣሪያዎችን ስንጠቀም ነው። እነዚህን የምንቃወመው ግብረ ገብን ጠቅሰን ብቻ አይደለም፤ ፎቶው ሁለተኛ ሥራ ስላለው ጭምር ነው። ለቃለ መጠይቅ በር ላይ የሚቀበለን ሰው ከፎቶው ለይቶ ሊያውቀን ይገባል። በዚህም ቢሆን ባለቤቱ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ዴቪድ ኋይት፣ አሁንም ከባልደረቦቹ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች «ይኸኛው እኔን ይመስላል» ብለው የመረጧቸው ፎቶዎችና እነሱን በአጭር ቪዲዮ ብቻ ያዩ እንግዶች «ይኸኛው እሱን ይመስላል» ብለው የመረጧቸው ተነጻጽረዋል። ሌሎች ሰዎች ፊትን ከፎቶ ጋር እንዲያመሳስሉ ሲደረግ በእንግዶች የተመረጡት ፎቶዎች ለማመሳሰል የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ባለቤቱ እኔን ይመስላል የሚለው ፎቶ እሱን አይመስልም ማለት አይደለም፤ በልቡ የያዘውን ምስል ይመስላል፤ ያ ምስል ደግሞ በመስተዋት የተገለበጠ፣ በዓመታት የተደራረበ፣ ምናልባትም ጥቂት የተዋበ ነው።

ለዚህም ሲባል ተመራቂዋ ለ12ቱ ዳኞች ሁለተኛ ጥያቄ ብትጨምር መልካም ነው። ድምፃቸውን ከሰጡ በኋላ ከፊታቸው ቆማ «ከአራቱ አሁን የምታዩኝን ይበልጥ የምመስለው በየትኛው ነው?» ብላ ትጠይቅ። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ፤ አስቀድመው ካዩአት እንግድነታቸው ያበቃልና። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጥያቄ አሸናፊ አንድ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ከተለያየ፣ ለምሳሌ በመጀመሪያው «ለ»፣ በሁለተኛው «ሀ» ቢሆን፣ እኛ «ሀ»ን እንመርጣለን፤ በ6 እና በ3 ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ዕድል ሊያመጣው የሚችል ትንሽ ልዩነት መሆኑን አይተናልና። ፎቶውንም ፀጉሯን ስትለውጥ፣ መነጽር ስትጀምር ወይም በር ላይ የሚቀበሏት ሰዎች አንድ ሁለቴ ቀና ብለው ማየት ሲጀምሩ ትቀይረዋለች።